የሌላውን ሰው ስም ይዞ ወደ ኮከብ ቆጣሪ መሄድ

በክርስቶስ የተወደዳችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ ኮከብ ማስቆጠር የተከለከለ መሆኑን ከዘዳግም 18፥10-11 ሁላችንም ተምረነዋል። ብዙዎቻችን የማናስተውለው ግን የራሳችንን ሳይሆን የተፋታነውን የትዳር ጓደኛ ወይም የሥራ ባልደረባችንን ኮከብ እሱ ሳያውቅ ስናስቆጥር በዚያ ሰው ላይ የምንፈጽመውን በደል ነው።

በደብረ ማርቆስ የምትኖር አንዲት እኅት ባሏ ትቷት ከሄደ በኋላ ምክንያቱን ለማወቅ ወደ ቆጣሪ ሄደች። (ታሪኩን ራሷ አጫውታኝ እንድጽፈው ፈቅዳልኛለች።) የተጠየቀችው የባሏን የክርስትና ስምና የእናቱን ስም ብቻ ነበር። በአውደ ነገሥት ሥርዓት የሁለቱ ስሞች ፊደላት በቁጥር ተለውጠው ይደመራሉ፤ ድምሩ በ12 ይገደፍና ቀሪው ከሐመል እስከ ሑት ካሉት 12 ኮከቦች አንዱን ያወጣል፤ የሰውዬውም ጠባይ ከዚያ ይነበባል። እንግዲህ ጸሐፊው «ሠ»ን በ«ሰ» ቢለውጥ ወይም እናቲቱ የምትጠራው በቁልምጫ ስሟ ቢሆን ድምሩም ኮከቡም ሌላ ሊሆን ይችላል። እኅታችን «ልቡ ሁለት ነው፤ ሌላ ሴት አለችው» ተብላ ተመለሰች።

እኔን ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ የስሙ ነገር ነው። ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ሲጠመቁ የሚሰጣቸው ስም የሚቆርቡበትና ጸሎተ ፍትሐት የሚደረግላቸው ስም ነው፤ በአገራችን በጎጃምም መተትን የሚፈራ ሰው ለባዕድ አይናገረውም። ያ ሰው ግን በትዳር ሳሉ አምኖ ነግሯት ነበር። ይህን ስም ለካህን ሰጥተን «በጸሎት አስቡልኝ» ብንል ምሕረትን እንለምንለታለን፤ ለቆጣሪ ስንሰጠው ግን አደራውን ገላልጠን መሸጣችን ነው። (ይህን ስል በዋሸራም በጎንጅም ቅኔ የተማረውን ደብተራ ሁሉ ከቆጣሪ የሚደባልቁትን ደግፌ አይደለም።)

ከመሥሪያ ቤት ገንዘብ ሲጠፋ የተጠረጠረውን ባልደረባ ስም ይዞ መሄድም ከዚህ አይለይም። የእኛ የአገር ሽማግሌ እንኳ ከሳሽንና ተከሳሽን ሳያቀራርብ አይፈርድም፤ ኒቆዲሞስም ሰውየው ሳይሰማ ሕግ ይፈርድበት እንደሆነ ፈሪሳውያንን ጠይቋል (ዮሐንስ 7፥51)። በኮከብ የተከሰሰ ሰው ግን መከሰሱን ስለማያውቅ ምስክር ሊጠራ አይችልም፤ ሰላምታ የሚነፍጉት ለምን እንደሆነ ግራ ገብቶት ይኖራል እንጂ።

እኅታችን በኋላ ስትናዘዝ የነፍስ አባቷ ቀኖና ከመስጠታቸው በፊት የጠየቋት ወሬውን ለስንት ሰው እንደነገረች ነበር። ለሦስት ሴቶች ነግራ ነበር። በየቤታቸው ሄዳ «የነገርኋችሁ ያየሁትን ሳይሆን ያስቆጠርሁትን ነው» እንድትል አዘዟት። ሁለቱን በአንድ ቀን ጨረሰች፤ ሦስተኛዋ ግን የሰውዬው እኅት ነበረችና ደጇን ለማንኳኳት ሁለት ሳምንት ፈጀባት።