በሁዳዴ የሚለጠፍ ማስታወቂያ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«በሁዳዴ ሰው አይበላም፤ ማስታወቂያ መለጠፍ ትርፉ ድካም ነው።»

የሚለወጠው የሚበላው ነገርና የሚበላበት ሰዓት ነው። ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ላሉ ምግብ ቤቶችና ካፌዎች ማስታወቂያ ስጽፍ፣ ከዋጋው በፊት የምጠይቀው ሰዓቱን ነው። በአዘቦት ቀን የሁዳዴ ቅዳሴ ከቀትር በኋላ ስለሆነ፣ ብዙው ጿሚ እስከ ቀኑ 9 ሰዓት እህል አይቀምስም። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ በቴሌግራም የሚላክ የትኩስ ፍርፍር ፎቶ ባዶ ሆዱን ሥራ የገባን ሰው መፈታተን ነው። ያው ፎቶ 8 ሰዓት ተኩል ላይ ቢደርሰው ግን ምሳውን የት እንደሚበላ ይወስንበታል።

ቅዳሜና እሑድ ነገሩ ሌላ ነው። ከሥጋ፣ ከወተትና ከእንቁላል መከልከሉ እንዳለ ሆኖ፣ እስከ 9 ሰዓት መቆየት የለም፤ ሰው ከጠዋቱ ቅዳሴ ወጥቶ ቁርሱን ይፈልጋል። ስለዚህ ሰሌዳው ላይ ሁለት መስመር እጽፋለሁ፦ «ከሰኞ እስከ ዓርብ ከቀኑ 9 ሰዓት ጀምሮ፤ ቅዳሜና እሑድ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሮ»። የፋሲካ ዋዜማ፣ ቀዳም ሥዑር፣ ከሌሎቹ ቅዳሜዎች ተለይታ የምትጾም ስለሆነች በዚያች ቀን የቁርሱ መስመር መነሣት አለበት። ይህን የረሳ ምግብ ቤት የማያውቀውን ጾም ሊሸጥበት እንደመጣ ሆኖ ይታያል።

«‹የጾም› የሚለውን ቃል ከጻፍን በቂ ነው።»

ሁሉም ስሕተት ከዚህ ይጀምራል፤ እኔም የተማርኩት ተሳስቼ ነው። ለአንድ ካፌ «የጾም ዳቦና ኬክ ጀምረናል» ብዬ በትልቁ ጻፍኩ። በሁለተኛው ቀን ነጠላቸውን እስከ ግንባራቸው ያጣፉ እናት ዳቦውን ወደ ብርሃን አዙረው ጀርባውን በጣታቸው ዳሰሱና «ልጄ፣ ይህ የሚያብረቀርቀው ምንድን ነው?» አሉ። ጋጋሪው ተጠራ። «ሊጡ ውስጥ ምንም የለም እማማ፣ ከላይ ብቻ ነው እንቁላል የተቀባው» አለ፤ ከልቡ ጥፋት አልመሰለውም። እሳቸው ዳቦውን ቀስ ብለው መልሰው አስቀመጡት። አልተቆጡም፤ ለእኔ ግን ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ያን ዕለት ሰሌዳውን በገዛ እጄ አወረድኩት።

«የጾም» የሚለው ቃል ቃል ኪዳን ነው። ከዚያ ወዲህ ወጥ ቤት ገብቼ ሳላይ አልጽፈውም። የማያቸውም ብዙ አይደሉም። ዳቦው ላይ የሚቀባው ምንድን ነው? በእንቁላል ፈንታ ስኳር የሟሟበት ውሃ ወይም ዘይት ቢቀባ መልኩ ያምራል። ኬኩ የሚሠራበት የአትክልት ቅቤስ? ስሙ የአትክልት ይሁን እንጂ አንዳንዱ የወተት ዱቄት ወይም አጓት ስላለበት፣ በማሸጊያው ላይ ያለውን ዝርዝር እስከ መጨረሻው ማንበብ ያስፈልጋል። የጾም ማኪያቶ በአኩሪ አተር ወይም በኦቾሎኒ ወተት ቢሠራም፣ የላም ወተት በሚፈላበት ጆግ ከተፈላና የእንፋሎቱ ቱቦ ካልተጠረገ «የጾም» ማለት አይቻልም። ድንቹ ትናንት ሥጋ በተጠበሰበት ዘይት ከተጠበሰም እንዲሁ።

አሳ ደግሞ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ጣና ቅርብ ስለሆነ ጎንደር ላይ አሳ አይጠፋም፤ በሁዳዴ ግን የሚበላም አጥብቆ የሚከለከልም አለ። እኔ «የጾም» ከሚለው ርእስ ሥር አላስገባውም። «አሳ» ብዬ ለብቻው እጽፈዋለሁ፤ ፍርዱ የበላተኛው ነው።

የቃሉ ክብደት በሕግም በኩል አለ። በማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 አሳሳች ማስታወቂያ የተከለከለ ነው፤ እንቁላል የተቀባ ዳቦን «የጾም» ማለት ከዚህ የሚያመልጥ አይመስለኝም።

«ሰው እንዲመጣ ጾሙ እንደከበደው ማሰብና ማጽናናት ጥሩ ነው።»

አንድ የምግብ ቤት ባለቤት ይህን ጽፎ ሰጠኝ፦ «ጾሙ ከበዳችሁ? ጥብስ ናፈቃችሁ? አይዟችሁ! ልዩ በያይነቱ፣ ሁለት ለበላ አንድ በነጻ!»

በቅን ልብ ነው የጻፈው። ግን ጾምን የወደደና የፈቀደ ሰው ከበሽታ እንደሚያገግም ታማሚ «አይዟችሁ» መባል አይፈልግም፤ የጥብሱን ስም መጥራትም ሊረሳው የሚሻውን ማስታወስ ነው። ሦስተኛው ስሕተት ቅናሹ ነው። ጾም መቀነስ ነው፤ ሁለት በልተህ ሦስተኛውን ውሰድ ማለት ከጾሙ ጋር ይጋጫል። ጿሚ ቀኑን ቆይቶ ሲበላ ብዙ አይችልም፤ ገንዘቡንም ለበዓሉ ዶሮና ቅቤ፣ ለልጆቹም ልብስ ይቆጥባል። ለእርሱ የሚመቸው ግማሽ ምግብ በግማሽ ዋጋ ነው።

ተነጋግረን እንዲህ አደረግነው፦ «የሁዳዴ በያይነቱ፤ ከቀኑ 9 ሰዓት ጀምሮ ትኩስ። ሽሮ፣ ምስር፣ ክክ፣ ጎመን፣ ፎሶሊያ፣ ቀይ ሥር፣ ስልጆ። ሁሉም በዘይት ብቻ፣ በተለየ ድስት የተሠራ። ግማሽም አለን።» ከጽሑፉ ውስጥ ስለ ሰውየው የሚናገር አንድም ቃል የለም፤ ስለ ምግቡ ብቻ ነው። በዚሁ ምክንያት «ለማይጾሙ» ብዬ አልጽፍም። የታመመ፣ ያረገዘች፣ ግንቡን ሊያይ የመጣ እንግዳ ሰሌዳ ሥር ቆሞ ስለ ጾሙ መልስ መስጠት የለበትም። «የፍስክ ምግብም አለ» ይበቃል፤ ፎቶ ሳይኖረው፣ በትንሹ።

«ጥቅስና ሥዕል ከጨመርንበት አክብሮት ይሆናል።»

«እንኳን ለዐቢይ ጾም በሰላም አደረሳችሁ» ማለት የሰው ወግ ነው፤ ብቻውን ሲቆም ያምራል። የመድኃኔዓለምን ሥዕል ከዋጋ ዝርዝር በላይ መለጠፍ ግን ሌላ ነው፤ ወረቀቱ በሳምንቱ ተቀዶ መንገድ ላይ ሲረገጥ አይቻለሁና አላደርገውም።

«‹ለጿሚዎች› ብለን ከጻፍን ሁሉንም ያካትታል።»

በ2016 ዓ.ም. ሁዳዴና ረመዳን መጋቢት 2 ቀን አብረው ገቡ፤ በቀጣዩ ዓመትም ተደራርበዋል። አዲስ ዓለም ሰፈር ላለ ሙስሊም ደንበኛ ጾም የሚፈታው ፀሐይ ስትጠልቅ ነው፤ ሥጋም አይከለከልበትም። «የጿሚዎች ምግብ ከ9 ሰዓት ጀምሮ» የሚል ሰሌዳ እርሱን ገና ጾም ላይ እያለ ብላ ይለዋል። «የሁዳዴ» እና «የኢፍጣር» ተብሎ በየስሙ፣ በየሰዓቱ፣ በሁለት ወረቀት ይጻፍ።

«ለፋሲካ ትዕዛዝ መቀበያው ማስታወቂያ በመጨረሻው ሳምንት ቢወጣ ይሻላል።»

ያ ሳምንት ሰሙነ ሕማማት ነው፤ ሰላምታ እንኳ የማይለዋወጡበት፣ በስቅለት ዕለት ቀኑን ሙሉ የሚሰገድበት። ወረቀቱ ከሆሳዕና በፊት ይለጠፍ፣ ሰኞ ይነሣ። «ጾሙ ሊያልቅ 8 ቀን ቀረው» የሚል ቆጠራ አይኑርበት፤ «እንኳን አደረሳችሁ»ም ትንሣኤው ሳይበሠር አይጻፍ። እኔ የምጽፈው ይህን ብቻ ነው፦ «ለፋሲካ ዶሮ ወጥና ድፎ ዳቦ እስከ ሆሳዕና ምሽት ትዕዛዝ እንቀበላለን፤ ቀብድ ግማሽ፤ ርክክብ በቀዳም ሥዑር ከቀኑ 10 ሰዓት ጀምሮ።»