ቪዛ የለኝም ልበል ወይስ ዝም ልበል?

ደብረ ማርቆስ ተቀምጦ እንግሊዝ አገር ላለ ድርጅት የሥራ ማመልከቻ በኢሜይል ሲልኩ፣ የቪዛው ጉዳይ ብዙ ሰው ያምታታል። እኔ ይጻፍ ባይ ነኝ፤ ግን አጠር ተደርጎ።

የመሥራት መብት ማለት በዚያ አገር ተቀጥሮ ለመሥራት አሁን ሕጋዊ ፈቃድ መያዝ ነው። የጉብኝት ቪዛ ይህን አይሰጥም። መብቱ የሌለው ሰው ስኪልድ ወርከር በሚባለው የባለሙያ ሠራተኛ ቪዛ ለመግባት መጀመሪያ ቀጣሪ ያስፈልገዋል። ቀጣሪው የውጭ አገር ሠራተኛ ለማስመጣት ከመንግሥት የስፖንሰርነት ፈቃድ ያለው ሆኖ የስፖንሰርሺፕ ሰርተፊኬት ሲያወጣለት ነው ሠራተኛው ቪዛውን የሚጠይቀው። ስለዚህ ሥራ ሳይገኝ «ቪዛዬ በሂደት ላይ ነው» ብሎ መጻፍ አያስኬድም፤ የሚያውቅ ቀጣሪ ወዲያው ይነቃል።

አንድ የማርቆስ ሲቪል መሐንዲስ ያመለክታል እንበል። መጀመሪያ የሠራውን መንገድና ድልድይ ይናገር። ከዚያ ወደ መጨረሻው አካባቢ እንዲህ ይበል፦ «የምኖረው ኢትዮጵያ ነው። በእንግሊዝ የመሥራት መብት ስለሌለኝ የስኪልድ ወርከር ስፖንሰርሺፕ ያስፈልገኛል።» በቃ። የፓስፖርት ቁጥር እዚህ ምን ይሠራል?

ፎርም ካለ ደግሞ ሁለት የሚመሳሰሉ ጥያቄዎች ይመጣሉ። «የመሥራት መብት አለህ?» ለሚለው መልሱ የለኝም፣ «ስፖንሰርሺፕ ትፈልጋለህ?» ለሚለው አዎ ነው። ለሁለቱም አዎ ያለ ሰው ቀጣሪውን ግራ ያጋባል።

ፈቃድ ያላቸው ቀጣሪዎች ዝርዝር በእንግሊዝ መንግሥት ድረ ገጽ ላይ በነፃ ይገኛል። ከመላክ በፊት የድርጅቱን ስም እዚያ መፈለግ ነው። ስሙ ቢገኝም ግን ለዚያች የሥራ መደብ ስፖንሰር ያደርጋል ማለት አይደለም፤ የሥራው ዓይነትና ደመወዙም መስፈርቱን ማሟላት አለባቸው።