«አቦ፣ ቀልድ እኮ ነው!»

እንደምን አደራችሁ። ባንዲራው ተሰቅሏል፣ የድሬ ፀሐይም ሳትበረታብን ልጨርስ። ከ1ኛ እስከ 8ኛ ክፍል አንድ ሜዳ ላይ ነው የቆምነው። ስለዚህ አንዳንዱን ለትንንሾቹ፣ አንዳንዱን ለእኛ ለትልልቆቹ እናገራለሁ። ነገሬ ስለ ሙድ መያዝ ነው። ግቢያችን ውስጥ ስትሉ የሰማኋቸውን አራት አባባሎች ይዤ መጥቻለሁ።

«አቦ፣ ቀልድ እኮ ነው! ድሬ ላይ ቅጽል ስም የሌለው ማን አለ?»

ማንም የለም። እኔም አለኝ፣ እቤት ሳይቀር የምጠራው በሱ ነው። ግን ሁሉም ቅጽል ስም አንድ አይደለም። ዳን ኦልቬውስ የሚባል ኖርዌይ ውስጥ የሠራ የሥነ ልቦና ምሁር ነገሩ ቀልድ ሳይሆን ጥቃት መሆኑ የሚታወቅባቸውን ሦስት ምልክቶች ለይቷል። ሆን ተብሎ ይደረጋል፣ ይደጋገማል፣ የሚደረግበት ልጅም ራሱን ለመከላከል አቅም ያጣል። አቅም ሲባል ጡንቻ ብቻ እንዳይመስላችሁ። አምስት ሆኖ አንዱን መክበብም አቅም ነው።

4ኛ ክፍል እያለሁ አብሮን የሚማር ልጅ ነበር። አሁን እዚህ የለም። ውሃ በጠፋ ሰሞን ከእናቱ ጋር ቢጫ ጀሪካኖች በጋሪ ሲገፋ አንዱ አየውና ስም አወጣለት። ስሙን አልደግመውም። የመጀመሪያ ቀን እሱም አብሮን ሳቀ። በሁለተኛው ሳምንት መሳቅ ተወ፤ እኛ አልተውንም። በሦስተኛው ሳምንት የማያውቃቸው የ1ኛ ክፍል ልጆች ሁሉ በዚያ ስም ይጠሩት ጀመር። እረፍት ሲደወል ከክፍል አይወጣም። ቲቸር ስትጠይቅም እጅ ማውጣት አቆመ፤ ለመመለስ ሲነሳ ከኋላ ዴስካችንን እንደ ባዶ ጀሪካን እናንኳኳ ነበራ።

«ተው» ሲላችሁ ካልተዋችሁ፣ እሱም መልሶ ስም ሊያወጣላችሁ ካልደፈረ፣ ቀልዱ ያኔ አልቋል።

«እኔ ምን አደረግኩ? ቆሜ ነው ያየሁት።»

ስሙን ያወጣሁት እኔ አይደለሁም። ዴስክ ግን አንኳኩቻለሁ። ስም አውጪው አንድ ነበር፣ የምንስቀው ደግሞ ሰባት ስምንት። እኛ ባንስቅ ኖሮ ለማን ብሎ ይደግመዋል?

ካናዳ፣ ቶሮንቶ ውስጥ ተመራማሪዎች ልጆች በእረፍት ሰዓት ሲጫወቱ በካሜራ ቀርጸው ነበር። አንድ ልጅ ሲጠቃ አብዛኛውን ጊዜ የሚያዩት ልጆች ጣልቃ አይገቡም። ሲገቡ ግን፣ ከግማሽ በላይ በሚሆነው ጊዜ ነገሩ በ10 ሰከንድ ውስጥ ቆሟል።

በ10 ሰከንድ ምን ይደረጋል? ትንንሾቹ፣ ትልልቅ ልጆችን አትጋፈጡ። ከዚያ ሂዱና ለትልቅ ሰው ተናገሩ፤ ቆማችሁ ካያችሁ ተመልካች ይበዛላቸዋል። ከ4ኛ እስከ 6ኛ ያላችሁ፣ ከሚያላግጠው ጋር ክርክር ውስጥ አትግቡ። የተከበበውን ልጅ ጥሩት፦ «ና፣ ለኳስ ሰው ጎድሎናል!» አብሯችሁ ከሄደ ክቡ ፈረሰ ማለት ነው። እኛ 7ኛና 8ኛ ደግሞ በእውነተኛ ስሙ እንጥራው፣ ጮክ ብለን፣ ሁሉም እየሰማ። መማታት ውስጥ አትግቡ፤ ያኔ ሁላችሁም «ተደባዳቢ» ተብላችሁ ቢሮ ትቆማላችሁ፣ የመጀመሪያው ነገር ይረሳል።

«ለቲቸር መናገር አሳባቂነት ነው።»

«ቲቸር፣ እሱ ማስቲካ እያኘከ ነው» ማለት ማሳበቅ ነው። ልጁን ለማስቀጣት ነዋ። አንድን ልጅ ከመከራ ለማስጣል መናገር ሌላ ነው።

አነጋገሩ ግን ወሳኝ ነው። «ይሰድቡታል» ብቻ ካላችሁ «ተዋቸው፣ ሂድ ተጫወት» ትባላላችሁ። እንዲህ በሉ፦ «ከሰኞ ጀምሮ በየቀኑ፣ በእረፍት ሰዓት፣ ከሽንት ቤቱ ጀርባ፣ ሦስት ሆነው።» ማን፣ የት፣ መቼ፣ ስንት ጊዜ። ይህን የሰማ መምህር ቢያንስ በእረፍት ሰዓት የት መቆም እንዳለበት ያውቃል።

«ተጨባብጠው ይታረቁ፣ አለቀ።»

ይህቺ ለመምህራኖቻችን ናት፤ በድፍረት አይቁጠሩብኝ። ኳስ ላይ የተጣሉ ሁለት ልጆችን ማስታረቅ ደህና ነው። ያ ልጅ ግን ከማንም ጋር አልተጣላም። ክፍሉ ፊት አቆሙትና እየተሰለፍን ጨበጥነው። እጁ በላብ እርጥብ ነበር። ይቅርታ አድርጌያለሁ አለ፤ ምን ሊል ይችላል? ደወል ተደውሎ ስንወጣ በሩ ላይ አንዱ አንኳኳ፣ ሁሉም ሳቀ።

መጀመሪያ እሱን ለብቻው ቢያናግሩት ጥሩ ነበር። ቀጥሎ እኛን አንድ በአንድ። ለብቻዬ ብጠየቅ ኖሮ አልስቅም ነበር፤ ማን ጋር ልስቅ? ከሳምንት በኋላ ደግሞ እንደገና እሱን፦ «ቆመ ወይ?» ያኔ የጠየቀው የለም።

ፀሐይዋ ደረሰችብን። 1ኛ ክፍሎች ቀድማችሁ ግቡ።