መደብን እጥፍ ማድረግ ሩሌትን አያሸንፍም

«ሩሌት ላይ ቀይ እይዛለሁ። ከተበላሁ መደቡን እጥፍ አደርጋለሁ። ቀይ አንድ ጊዜ መውጣቱ አይቀርም፣ ያኔ የጠፋው ሁሉ ይመለሳል። ታዲያ እንዴት እከስራለሁ?»

ፕሮባቢሊቲ አስተምራለሁ፤ ይህን ጥያቄ ሳልሰማ ያለፈ ሴሚስተር የለም። እውነቱን ለመናገር ሰልችቶኛል። ግን ሰው ገንዘቡን የሚያጣበት ነገር ስለሆነ እስቲ በቁጥር እንየው።

መጀመሪያ ዳይስ። አንድ ዳይስ ትወረውራለህ። 6 ከወጣ 4 ቺፕ ታተርፋለህ፣ ሌላ ከወጣ 1 ቺፕ ታጣለህ። ስድስቱም ቁጥሮች እኩል ዕድል ስላላቸው፣ በስድስት ውርወራ በአማካይ አንዴ 4 ታተርፋለህ፣ አምስቴ ደግሞ አንድ አንድ ታጣለህ። ሲጣጣ 1 ቺፕ ከስረሃል፤ ለስድስት ሲካፈል በየውርወራው አንድ ስድስተኛ ቺፕ ማለት ነው። የሚጠበቅ ዋጋ የሚባለው ይኸው ነው። ትርፉ 4 መሆኑ ቀርቶ 5 ቢሆን ጨዋታው እኩል ለእኩል ይሆን ነበር።

ሩሌትም በዚሁ መንገድ ይሰላል። ባለ አንድ ዜሮው ጎማ ኳሷ የምታርፍባቸው 37 ቤቶች አሉት፦ 18 ቀይ፣ 18 ጥቁር፣ አንድ አረንጓዴ ዜሮ። ቀይ ከያዝክ በ18ቱ የያዝከውን ያህል ታተርፋለህ፣ በ19ኙ የያዝከውን ታጣለህ። ስለዚህ ከያዝከው ከእያንዳንዱ ቺፕ በአማካይ አንድ ሠላሳ ሰባተኛው ይሄዳል፤ ከመቶ 2.7 ገደማ።

አሁን ወደ እጥፉ እንምጣ። 255 ቺፕ ይዘህ ገባህ እንበል። 1፣ 2፣ 4፣ 8 እያልክ እስከ 128 ስምንት ጊዜ መጫወት ትችላለህ። ከ1 ጀምረህ እስክታሸንፍ ወይም ስምንቱ እስኪያልቁ ያለውን አንድ ዙር እንበለው። በመሃል አንዴ ቀይ ከወጣ የዙሩ ትርፍህ 1 ቺፕ ነው። ስንት ቢያስይዙ፣ ስንት ላብ ቢፈስ፣ ትርፉ ያው 1 ነው! ስምንቱንም ከተሸነፍክ ግን 255ቱም ሄደ። ስምንት ጊዜ ተከታትሎ የመሸነፍ ዕድሉ ከ207 ዙር አንድ ያህል ነው። ስለዚህ በ207 ዙር በአማካይ 206 ቺፕ ትሰበስባለህ፣ አንዴ ደግሞ 255 ታስረክባለህ። ኪሳራህ 49።

ይህ 49 ከየት መጣ? በአንድ ዙር በአማካይ የምታስይዘው 8.8 ቺፕ ነው። በ207 ስታባዛው 1,822 አካባቢ ይሆናል። ለ37 አካፍለው፦ 49። እጥፍ ማድረግህ የጠረጴዛውን ድርሻ አልነካውም፤ ያደረገው ነገር ቢኖር ኪሳራውን ከብዙ ትንንሽ ቀናት አንስቶ አንድ ክፉ ቀን ላይ መከመር ነው። ሲሸነፉ ሳይሆን ሲያሸንፉ መደብ መጨመርም ሆነ ሌላ ማንኛውም ዘዴ በዚሁ ሚዛን ይመዘናል። በጠቅላላው ያስያዝከውን ደምር፣ ለ37 አካፍል።

አንድ የድሮ ተማሪዬ ደብተሩን ይዞ መጣ። 100 ዙር፣ 100 ድል፣ አንድም ሽንፈት የለም። «ይኸው ማስረጃ» አለኝ። እኔም አብረን እናስላው አልኩት። 100 ዙር ያለ አንድ ውድቀት የመጨረስ ዕድል ከመቶ 62 ገደማ ነው። ማለትም ይህን ዘዴ ከሚሞክሩ ሰዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ልክ እንደሱ ያለ ደብተር ይኖራቸዋል። ደብተሩ ውሸት አልነበረም፤ ገና ያልደረሰበትን ዙር ነው ያልያዘው። ከወራት በኋላ ስንገናኝ ደርሶበት ነበር። በአንድ ምሽት ሁሉም ሄዶ፣ ከጓደኛ የተበደረውም ተጨምሮበት። እስካሁን ያናድደኛል፤ ስሌቱን አብረን ሠርተነው ነበርና።

«ችግሩ ጠረጴዛው የመደብ ጣሪያ ስላለው ነው፤ ያ ባይኖርስ?»

ጣሪያው ቢነሳም ኪስህ ጣሪያ አለው። 255ን ወደ 1,023 አሳድገው፣ አሥር ደረጃ ይሆንልሃል። ውድቀቱ ይዘገያል፣ ሲመጣ ግን በአራት እጥፍ ይከብዳል። በአማካይ በየዙሩ የምታስይዘውም ስለሚጨምር የሚጠበቀው ኪሳራ እንዲያውም ያድጋል።

«አንድ ቁጥር ብቻ መያዝ ይሻላል፣ 35 እጥፍ ይከፍላል።»

አንዴ 35 ታተርፋለህ፣ 36 ጊዜ አንድ አንድ ታጣለህ። ያው አንድ ሠላሳ ሰባተኛ ነው።

«ሁሉም ሩሌት አንድ ነው።»

አይደለም። ድርብ ዜሮ ያለው 38 ቤት ስላለው ከመቶ 5.26 ይወስዳል፣ እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ከመቀመጥህ በፊት ዜሮዎቹን ቁጠር።

«ጥቁር ደጋግሞ ወጣ፤ አሁን የቀይ ተራ ነው።»

ኳሷ ያለፈውን አታስታውስም። ነሐሴ 1913 እ.ኤ.አ. ሞንቴ ካርሎ ላይ ጥቁር 26 ጊዜ ተከታትሎ ወጣ። ተጫዋቾቹ የቀይ ተራ ነው እያሉ በየሽክርክሪቱ መደባቸውን ሲጨምሩ ነበር። በ26ኛውም ሽክርክሪት የቀይ ዕድል ያው 18 ከ37 ነበር።