ብዙ መዳረሻ ያለው የማድረስ ዙር ቅደም ተከተሉ እንዴት ይወጣል?

የማድረስ ዙር የሚባለው አንድ መኪና ከመጋዘን ወይም ከዳቦ ቤት ጭኖ ወጥቶ፣ ለብዙ ደንበኞች አከፋፍሎ ወደተነሳበት የሚመለስበት ጉዞ ነው። ዳቦ፣ የታሸገ ውሃ፣ መድኃኒት፣ በስልክ የታዘዘ ዕቃ ሁሉ እንዲህ ይደርሳል። ደንበኞቹም መኪናውም ሳይቀየሩ፣ ማን ቀድሞ ማን ተከትሎ እንደሚደርሰው ብቻ ሲቀየር የመንዳቱ ጊዜ ሊረዝምም ሊያጥርም ይችላል።

ቅደም ተከተሉን በሙሉ አንድ በአንድ ሞክሮ የተሻለውን መምረጥ የሚቻለው መዳረሻዎቹ ጥቂት ሲሆኑ ነው። 6 ደንበኞችን በ720 ዓይነት ቅደም ተከተል ማዳረስ ይቻላል። ደንበኞቹ 10 ሲሆኑ ቁጥሩ 3,628,800 ይደርሳል፣ 15 ሲሆኑ ደግሞ ከ1.3 ትሪሊዮን ያልፋል። የሒሳብ ሰዎች ይህን «የተዘዋዋሪ ነጋዴ ችግር» ይሉታል። በ1954 እ.ኤ.አ. ዳንዚግ፣ ፉልከርሰንና ጆንሰን የተባሉ ሦስት ተመራማሪዎች 49 የአሜሪካ ከተሞችን የሚያዳርሰውን አጭሩን ዙር አገኙ፤ ከእሱ የሚያጥር እንደሌለም አረጋገጡ። ዳንዚግ ከአምስት ዓመት በኋላ ራምሰር ከተባለ ሌላ ተመራማሪ ጋር ሆኖ ነዳጅ ከማከማቻ ወደ ማደያዎች የሚያመላልሱ ቦቴዎችን ጉዳይ አነሣ። የዛሬዎቹ የመኪና ስምሪት ፕሮግራሞች የዘር ሐረግ ከዚያ ይጀምራል።

አንድ መኪና ለያዘ ሰው ግን ፍጹም አጭር የሆነውን ዙር ማግኘት የግድ አይደለም። ጥሩ የሚባለውን በወረቀትና በእርሳስ ማውጣት ይቻላል። ለማሳያ ገርጂ ያለ አንድ ዳቦ ቤት እንውሰድ። የሚያደርሰው መገናኛ፣ 22፣ ቦሌ መድኃኔዓለም፣ ካዛንቺስ፣ ሲኤምሲ እና አያት ላሉ ሱቆችና ምግብ ቤቶች ነው። ከዚህ በታች ያሉት ደቂቃዎች ለስሌቱ የተወሰዱ ናቸው፤ ዙር የሚያወጣ ሰው በራሱ ሰዓት ነድቶ የመዘገበውን መተካት አለበት። በኪሎሜትር ሳይሆን በደቂቃ መቁጠሩም ሆን ተብሎ ነው፤ በአዲስ አበባ ሦስት ኪሎሜትር አንዳንዴ ስድስት ደቂቃ፣ አንዳንዴ ሃያ አምስት ደቂቃ ይወስዳል።

ብዙ ሹፌሮች በልማድ የሚሄዱት ሁልጊዜ ከቆሙበት ቅርብ ወደሆነው ደንበኛ ነው። በዚህ ልማድ መኪናው ከገርጂ ወደ መገናኛ 8 ደቂቃ፣ ከመገናኛ ወደ 22 ሰፈር 7 ደቂቃ፣ ከዚያ ወደ ቦሌ መድኃኔዓለም 8፣ ከዚያ ወደ ካዛንቺስ 12 ደቂቃ ይነዳል። እስከዚህ ድረስ ጥሩ ይመስላል። ነገር ግን ሲኤምሲና አያት ገና አልተነኩም፣ መኪናውም ከተማውን ወደ ምዕራብ ዘልቋል። ከካዛንቺስ ሲኤምሲ 25 ደቂቃ ነው። ከሲኤምሲ አያት 10፣ ከአያት ወደ ገርጂ መመለሻው 20 ሲጨመርበት ድምሩ 90 ደቂቃ ይሆናል። የዚህ ዘዴ ድካም ሁልጊዜ የሚታየው መጨረሻ ላይ ነው፦ በመጀመሪያ የቀለለው ሁሉ ይለቀምና የተረሱት ሩቅ ደንበኞች በአንድ ረጅም ጉዞ ይከፈላሉ።

ማስተካከያው ከዙሩ ሁለት ጉዞዎችን ቆርጦ፣ በመካከላቸው ያለውን ክፍል ገልብጦ እንደገና መቀጠል ነው። በእኛ ዙር ገርጂ–መገናኛን (8) እና ካዛንቺስ–ሲኤምሲን (25) እንቁረጥ። በመካከል ያሉት አራቱ ሲገለበጡ መኪናው ከገርጂ በቀጥታ ካዛንቺስ ይሄዳል (18)፣ ከዚያ ቦሌ መድኃኔዓለም፣ 22 እና መገናኛ ደርሶ ወደ ሲኤምሲ ይወጣል (12)። 33 ደቂቃ ወጥቶ 30 ገባ፤ ዙሩ 87 ሆነ። ትርፉ ትንሽ ቢመስልም ለሚቀጥለው እርምጃ በር ከፍቷል። አሁን ገርጂ–ካዛንቺስን (18) እና ቦሌ መድኃኔዓለም–22ን (8) ብንቆርጥና ካዛንቺስንና ቦሌን ብናቀያይር፣ በቦታቸው ገርጂ–ቦሌ (10) እና ካዛንቺስ–22 (9) ይገባሉ። 26 ደቂቃ በ19 ተተካ፤ ድምሩ 80 ደረሰ። ዙሩ ገርጂ፣ ቦሌ መድኃኔዓለም፣ ካዛንቺስ፣ 22፣ መገናኛ፣ ሲኤምሲ፣ አያት፣ ገርጂ ሆነ። እንዲህ እየቆረጡና እየገለበጡ የሚያሳጥር ለውጥ እስኪጠፋ መቀጠል ነው። ካርታ ላይ መስመር ሲሳል የመስመሮቹ መጠላለፍ ጥሩ ምልክት ነው፤ ሁለት መስመሮች ከተጠላለፉ አብዛኛውን ጊዜ በመግለበጥ የሚድን ጊዜ አለ ማለት ነው። ሌላው ምልክት መኪናው በአንድ ሰፈር ሁለት ጊዜ ማለፉ ነው፤ የመጀመሪያው ዙር በመገናኛ አካባቢ ሁለቴ ማለፉ አይቀርም ነበር።

እስካሁን ስሌቱ ሄዶ መምጣት እኩል ነው ብሎ ገምቷል። ጠዋት ግን ከአያትና ከሲኤምሲ ወደ መገናኛ የሚገባው መንገድ በሠራተኛና በተማሪ ይጨናነቃል፣ ወደ ውጭ የሚወጣው ግን ይቀልላል። ስለዚህ ያገኘነውን ዙር በየትኛው አቅጣጫ እንደምንዞረው ትልቅ ጉዳይ ነው። ቦሌን ካስቀደምን ሲኤምሲ የምንሄደው ከሰልፉ በተቃራኒ ነው። አያትን ካስቀደምን ከሲኤምሲ ወደ መገናኛ ያለውን 12 ደቂቃ በጥድፊያ ሰዓት 30 አድርገን እንከፍላለን፤ ዙሩም 98 ይሆናል። ካርታ ላይ መስመሩ አንድ ነው፣ ሰዓቱ ግን አንድ አይደለም። የቀለበት መንገዱ አካፋይም እንዲሁ ነው። ደንበኛው ከመንገዱ ማዶ ከሆነ እስከሚቀጥለው መዞሪያ ሄዶ መመለስ ግድ ይላል፤ ስለዚህ በየመዳረሻው መመዝገብ ያለበት የሕንፃው ስም ብቻ ሳይሆን ዕቃ የሚራገፍበት በርና የሚገባበት አቅጣጫ ጭምር ነው። የቤት ቁጥር በማይሠራበት ከተማ፣ ሹፌሩ በሩ ላይ ቆሞ በስልኩ የያዘው የቦታ ምልክት ብዙ ደቂቃ ያተርፋል።

ቀጥሎ የሚመጣው የደንበኞች ሰዓት ነው፤ ዙሩ በብዛት የሚበላሸውም እዚህ ላይ ይመስለኛል። መኪናው ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተነሥቶ በየመዳረሻው ለማራገፍና ለመፈረም 6 ደቂቃ ይቁም እንበል። ቦሌን አስቀድሞ ሲዞር አያት የሚደርሰው ከ60 ደቂቃ መንዳትና ከአምስት መቆሚያዎች በኋላ፣ በ2:30 ነው። የአያቱ ሱቅ «ከ2 ሰዓት በፊት ዳቦ ካልደረሰኝ ደንበኛ ያመልጠኛል» ካለ ይህ ዙር አይሆንም። አያትን ማስቀደም አለ፤ 1:20 ላይ ይደርሳል፣ ነገር ግን ቀደም ሲል ያየናቸው 18 ደቂቃዎች ይጨመራሉ። እዚህ ላይ ባለቤቱ ማወቅ ያለበት የአንዱ ደንበኛ ሰዓት በየቀኑ 18 ደቂቃ መንዳት እንደሚያስከፍለው ነው። ይህን ቁጥር ይዞ ከባለሱቁ ጋር መነጋገር ይቻላል፤ ለምሳሌ ለጠዋቱ መጀመሪያ የሚሆነውን ማታ አሳድሮ፣ ቀሪውን በ2:30 እንዲቀበል መጠየቅ። ብዙ ጊዜ ዙሩን የሚያሳጥረው ከካርታው ይልቅ እንዲህ ያለ ንግግር ነው። ሰዓቱን የግድ ነው ብሎ ያለጥያቄ የሚቀበል ሰው ግን በየትኛውም ስሌት አይድንም።

አዲስ ደንበኛ ሲመጣም ጥያቄው ከዳቦ ቤቱ ምን ያህል ይርቃል አይደለም፤ በየትኛው ሁለት መዳረሻ መካከል ቢገባ ምን ያህል ይጨምራል ነው። ሰሚት ያለ ሱቅ ከአያት 12፣ ከገርጂም 12 ደቂቃ ከሆነ፣ በአያትና በገርጂ መካከል ሲገባ በነበረው 20 ደቂቃ ምትክ 24 ይገባል፤ ጭማሪው 4 ብቻ ነው። ሳር ቤት ያለው ደግሞ ከቦሌ መድኃኔዓለም 12፣ ከካዛንቺስ 15 ቢሆን በመካከላቸው ሲገባ 15 ደቂቃ ይጨምራል። ሁለቱ እኩል ዳቦ ቢገዙ እንኳ ትርፋቸው እኩል አይደለም። ቅደም ተከተሉ ከወጣ በኋላ ጭነቱም እሱን መከተል አለበት፦ መጨረሻ የሚራገፈው መጀመሪያ ይጫናል። ካልሆነ በመንዳት የተረፈው ጊዜ ሳጥን በማገላበጥ ያልቃል።

ለዚህ ሥራ በስልክ ያለው ጎግል ማፕ ብቻውን አይበቃም። መካከለኛ መቆሚያዎችን ይቀበላል፣ ነገር ግን ባስገባነው ቅደም ተከተል ይወስደናል እንጂ አያስተካክልልንም። ቅደም ተከተል የሚያወጡ፣ የደንበኛ ሰዓትና የመኪና አቅም የሚቀበሉ ነፃ ፕሮግራሞች አሉ፤ OR-Tools እና VROOM ከእነዚህ ናቸው። እነሱም ቢሆኑ የሚሰጣቸውን የጉዞ ደቂቃ አምነው ነው የሚሠሩት። ከሰኞ እስከ ዓርብ የወጣው ዕቅድና ሹፌሩ በትክክል የደረሰበት ሰዓት ጎን ለጎን ሲጻፍ የትኛው ጉዞ እንደተሳሳተ ወዲያው ይታያል።

መዳረሻው በመቶ ሲቆጠርና ዝርዝሩ በየጊዜው ሲቀየር፣ መቁረጥና መገልበጡ ለእጅ ይከብዳል። ለዚህ ደስ የሚለኝ መልስ የመጣው ከአሜሪካዋ አትላንታ ነው። እዚያ ከቤት መውጣት ለማይችሉ አረጋውያንና ሕሙማን ምሳ የሚያደርስ አገልግሎት ነበር። የሚታከሙ፣ የሚሻላቸው፣ የሚሞቱ ስለነበሩ የተቀባዮቹ ዝርዝር አይረጋም፤ ድርጅቱም ኮምፒዩተር የሚገዛበት ገንዘብ አልነበረውም። ባርቶልዲና ፕላትስማን የተባሉ ምሁራን ከባልደረቦቻቸው ጋር በ1983 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጽሑፍ የገለጹት ዘዴ ካርታ፣ አንድ የቁጥር ሠንጠረዥና ሁለት የካርድ ማኅደር ብቻ የሚጠይቅ ነበር። ከተማውን በሙሉ ሳያቋርጥ እየተጠማዘዘ የሚሸፍን አንድ መስመር ታሰበ። ካርታው ላይ ያለ እያንዳንዱ ቦታ በዚያ መስመር ላይ የት እንደሚውል የሚናገር ቁጥር ከሠንጠረዡ ይነበባል፣ በተቀባዩ ካርድ ላይም ይጻፋል። አንዱ ማኅደር ካርዶቹን በስም፣ ሌላው በዚህ ቁጥር ይደረድራል። በቁጥር የተደረደሩት ካርዶች ራሳቸው የጉዞው ቅደም ተከተል ናቸው። አዲስ ሰው ሲመጣ ካርዱ በቁጥሩ ቦታ ይገባል፣ የወጣ ሰው ካርድ ይነሣል፤ ሌላው ሁሉ እንዳለ ይቀራል። ሥራውን ለአራት ሹፌሮች ማካፈል ሲያስፈልግም የካርዶቹን ተርታ በአራት ተከታታይ ክፍል መክፈል ይበቃል።

ነጥቦቹ በዘፈቀደ የተበተኑ ከሆነ በዚህ መንገድ የሚወጣ ዙር ከአጭሩ በአማካይ በ25 በመቶ ገደማ ይረዝማል። መስመሩ ወንዝ፣ ድልድይና የተዘጋ መንገድ አያውቅም፤ የደንበኛ ሰዓትም አያይም። ስለዚህ ካርዶቹ በሰጡት ተርታ ጀምሮ፣ አካባቢውን የሚያውቅ ሹፌር ጎረቤት መዳረሻዎችን በእጁ እንዲያቀያይር መተው ይሻላል። በሰዓት የታሰሩት ጥቂት ተቀባዮች ደግሞ ከተርታው ወጥተው፣ ሰዓታቸው በሚፈቅደው ቦታ በትንሹ ጭማሪ እንዲገቡ ይደረጋል።