ለአንድ ክፍል ስንት ሊትር ቀለም? የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

«ባልዲው ላይ በሊትር 12 ካሬ ይላል፤ ክፍሌ 14 ካሬ ነው። ሁለት ሊትር አይበቃኝም?»

አይበቃም። የቀለም ሱቅ ደጃፍ ሁልጊዜ የሚሰማው ይህ ስሌት ሦስት ቦታ ይስታል። 14 ካሬው የወለሉ ነው፤ የሚቀባው ግን ግድግዳው ነው። 4 ሜትር በ3.5 ሜትር የሆነ ክፍል ዙሪያው 15 ሜትር ነው። ከፍታው 2.80 ከሆነ ግድግዳው 42 ካሬ ሜትር ይመጣል፤ ለአንድ በርና ለአንድ መስኮት 4 ካሬ ሲቀነስ 38 ይቀራል። በዚያ ላይ ባልዲው ላይ የተጻፈው ለአንድ እጅ ብቻ ነው፤ ግድግዳ ደግሞ ቢያንስ ሁለት እጅ ይፈልጋል።

ሰው ከሁሉ በላይ የሚከስረው ግን በሦስተኛው ነው። ያ 12 የሚሠራው ለስላሳና ቀለም በማይመጥ ግድግዳ ላይ ነው። አዲስ የሲሚንቶ ልስን ወይም ገና ስቱኮ የተደረገበት ግድግዳ የቀለሙን ውሃ ወዲያው ይስበዋል፤ ስለዚህ የመጀመሪያው እጅ በሊትር 7 ካሬ ቢሸፍን ነው። ልስኑ ሻካራ ከሆነ ከዚያም ያንሳል። ሁለተኛው እጅ በጠገበ ግድግዳ ላይ ስለሚያርፍ 10 ካሬ ያህል ይሄዳል።

እንግዲህ ለመጀመሪያው እጅ 38 ለ7 ሲካፈል 5.4 ሊትር፣ ለሁለተኛው 38 ለ10 ሲካፈል 3.8 ሊትር፤ በድምሩ 9.2 ነው። ሮለሩ ለሚይዘውና በኋላ ለሚነካካው 10 በመቶ ሲጨመር 10 ሊትር ያህል ይሆናል። ሁለት ሊትር የገዛ ሰው የመጀመሪያውን እጅ እንኳ አይጨርስም።

ግድግዳው ይመጥ እንደሆነ ለማወቅ እጅዎን ውሃ ነክረው ይርጩበት። ጠብታው ቁልቁል ከወረደ ግድግዳው የተዘጋ ነው። በሰከንዶች ውስጥ ገብቶ ጥቁር ነጥብ ከተወ ግድግዳው ይመጥጣል፤ በ7 ያስሉ። መዳፍዎን ሲያሹበት ነጭ ዱቄት ከያዘ ግን ከቀለሙ በፊት የሚቀባውን ፕራይመር ሳያደርጉ አይቅቡ፤ ቀለሙ ዱቄቱን ይዞ ይላጣል።

«ውሃ ጨምሬ አበዛዋለሁ።»

ውሃው ባልዲውን እንጂ ቀለሙን አያበዛም። ለሚመጥ ግድግዳ የመጀመሪያውን እጅ ማቅጠን ትክክል ነው፤ ልኩ ግን ባልዲው ላይ የተጻፈው ነው። ከዚያ ካለፈ ይንጠባጠባል፣ የሥሩን ግድግዳ ያሳያል፣ ሦስተኛ እጅም ያስገዛል።

«ፕራይመር የወጪ ወጪ ነው።»

ለአዲስ ልስን አይደለም። ግድግዳው ያንን 5.4 ሊትር የሚጠጣው ከፕራይመሩ ይሆናል፤ ከዚያ በላይ የሚደረገው ቀለም ሁለቱም እጅ በ10 ይሄዳል፣ መልኩም አንድ ወጥ ይሆናል።

«ለኮርኒሱ ከግድግዳው የሚተርፈው ይበቃል።»

14 ካሬ አዲስ የጂፕሰም ኮርኒስ በዚያው ስሌት ለብቻው 3.7 ሊትር ይወስዳል። አብረው ይግዙት።