ለአነስተኛ ንግድ መነሻ ገንዘብ፦ ቁጠባ፣ ቤተሰብ፣ እቁብ፣ የማይክሮ ፋይናንስ ብድርና የውጭ አገር ዘመድ

ባንክ መያዣ ንብረትና የቆየ የሂሳብ መዝገብ ስለሚጠይቅ፣ ገና ያልተከፈተ ንግድ ደግሞ ሁለቱም ስለሌሉት፣ የአነስተኛ ንግድ መነሻ ገንዘብ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰበሰበው ከአምስት ምንጮች ነው፤ እነዚህም የራስ ቁጠባ፣ ቤተሰብ፣ የቁጠባ ማኅበር፣ የማይክሮ ፋይናንስ ተቋም እና በውጭ አገር የሚኖር ዘመድ ናቸው። ምንጮቹ በወለድ ይለያያሉ፤ ጀማሪውን ነጋዴ ብዙ ጊዜ የሚጥለው ግን ወለዱ ሳይሆን የመመለሻው ቀን ነው። ገንዘቡ መመለስ የሚጀምረው ንግዱ ማትረፍ ከመጀመሩ በፊት ከሆነ፣ ወለድ የሌለው ገንዘብም ቢሆን ንግዱን ሊዘጋው ይችላል።

ነገሩን በአንድ ምሳሌ መከተል ይቀላል። ስሌቱ በየትኛውም አገር ገንዘብ ስለሚሠራ የገንዘቡን ስም ትተን አሃዙን ብቻ እንያዝ። አንዲት ልብስ ሰፊ ሥራ ለመጀመር 60,000 ያስፈልጋታል፤ 36,000 ለስፌት መኪና፣ 12,000 ለጨርቅና ለክር፣ 12,000 ደግሞ ለመጀመሪያዎቹ ወራት ኪራይና ቀለብ መጠባበቂያ ነው። ደንበኛ እስክታፈራ ድረስ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ገቢዋና መጠባበቂያው ተደምረው ወጪዋን ከመሸፈን አያልፉም፤ በሦስተኛው ወር 3,000፣ ከአራተኛው ወር ጀምሮ ደግሞ በየወሩ 7,000 ይተርፋታል ብለን እንገምት።

ይህች ሴት 60,000ውን በሙሉ ከማይክሮ ፋይናንስ ብትበደር የሚገጥማት ነገር በዝርዝር መታየት አለበት፤ ብዙ ተበዳሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና። ተቋሙ ወለዱ «በወር 2 በመቶ፣ ለ12 ወር» ነው ይላታል። ይህ አነጋገር ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ሊያመለክት ይችላል። ወለዱ በቀሪው ዕዳ ላይ ብቻ የሚታሰብ ከሆነ ወርሃዊ ክፍያዋ 5,674 አካባቢ ሲሆን የዓመቱ ወለድ ወደ 8,080 ይጠጋል። ወለዱ በመጀመሪያው ብድር ላይ ሳይቀንስ የሚታሰብ ከሆነ ግን ዋናው ዕዳ በየወሩ እየቀነሰ ሳለ ወለዱ እስከ መጨረሻው በ60,000 ላይ ይሰላል፤ የዓመቱ ወለድ 14,400፣ ወርሃዊ ክፍያው 6,200 ይሆናል። በቃል 24 በመቶ የተባለው ዓመታዊ ወለድ በቀሪ ዕዳ ሲለካ ወደ 42 በመቶ ይደርሳል።

በዚህ ላይ የአገልግሎት ክፍያና የግዴታ ቁጠባ አለ። ተቋሙ ለአገልግሎት 2 በመቶ፣ በብድሩ ማብቂያ ለሚመለስ የግዴታ ቁጠባ ደግሞ 10 በመቶ አስቀድሞ ቢቀንስ፣ በእጇ የሚገባው 52,800 ብቻ ነው፤ የምትከፍለው ግን በ60,000 ልክ ነው። ይህ ሁሉ ሲደመር የብድሩ ትክክለኛ ዋጋ በዓመት 55 በመቶ አካባቢ ይሆናል። ይህን ለማወቅ ቀመር ማወቅ ግድ አይደለም። ተበዳሪው ሦስት ጥያቄ ጠይቆ መልሱን በጽሑፍ መቀበል ይበቃዋል፦ ዛሬ በእጄ የሚገባው ስንት ነው? በየወሩ የምከፍለው ስንት ነው? በመጨረሻ የሚመለስልኝስ ስንት ነው? የሁለት ተቋማትን ብድር በእነዚህ ሦስት አሃዞች ማወዳደር በተነገረው የወለድ መጠን ከማወዳደር እጅግ የተሻለ ነው።

ከወለዱ በላይ የሚከብደው ግን የጊዜ ሰሌዳው ነው። ክፍያው በመጀመሪያው ወር መጨረሻ ስለሚጀምር፣ ንግዷ ምንም በማያተርፍባቸው ሁለት ወራት 12,400 መክፈል አለባት፤ በሦስተኛው ወር ደግሞ ከምታተርፈው 3,000 ላይ 3,200 መጨመር ይኖርባታል። በድምሩ 15,600 ከራሱ ከብድሩ ተነስቶ ለብድሩ ይከፈላል ማለት ነው። ከ52,800 ላይ ይህ ሲቀነስ ለሥራ የሚቀረው 37,200 ነው፤ መኪናውን ገዝታ ጨርቅ መግዣ ታጣለች። ከአራተኛው ወር በኋላም ከትርፏ በእጇ የሚቀረው በወር 800 ብቻ ስለሆነ፣ አንድ ሕመም ወይም አንድ የገበያ መቀዝቀዝ ክፍያ ያስዘልላታል። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ የመጀመሪያውን ዕዳ ለመክፈል ከሌላ ተቋም ይበደራል። በህንድ አንድራ ፕራዴሽ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2010 በማይክሮ ፋይናንስ ዘርፍ ለደረሰው ከባድ ቀውስ ዋና ምክንያቶች ከሆኑት አንዱ ይኸው ከብዙ አበዳሪ ተደራርቦ መበደር ነበር፤ ግዛቱ በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ ጥብቅ ድንጋጌ አወጣ፣ የብድር መመለስም በሰፊው ቆመ።

የመጀመሪያውን ክፍያ ማዘግየት ምን ያህል ለውጥ እንደሚያመጣ በህንዷ ኮልካታ ከተማ በተደረገ ጥናት ታይቷል። ለአንዳንድ ተበዳሪዎች እንደ ተለመደው ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ለሌሎች ደግሞ ከሁለት ወር በኋላ ክፍያ እንዲጀምሩ ተደረገ፤ የእፎይታ ጊዜ ያገኙት በንግዳቸው ላይ የበለጠ ገንዘብ አዋሉ፣ ከዓመታት በኋላም ትርፋቸው ከሌሎቹ በልጦ ተገኘ። በአንጻሩ በወቅቱ ያልከፈሉትም ከእነሱ መካከል በዙ። የእፎይታ ጊዜ ተበዳሪው በድፍረት እንዲሠራ ያስችለዋል፣ አበዳሪውን ግን ያሰጋዋል፤ ተቋማት በቀላሉ የማይሰጡትም በዚህ ምክንያት ነው። የቡድን ዋስትና ያለበት ብድር ከሆነ ደግሞ አደጋው ወደ ጎረቤት ይሻገራል፤ አንዱ ሳይከፍል ሲቀር ሌሎቹ የቡድኑ አባላት ይጠየቃሉ፣ ዕዳው ከተዘጋ በኋላም ቂሙ ይቆያል።

እቁብ በአማርኛ የምንለው የዙር ቁጠባ በብዙ የዓለም ክፍል አለ፤ በምዕራብ አፍሪካ ቶንቲን፣ በደቡብ አፍሪካ ስቶክቬል፣ በሜክሲኮ ታንዳ ይባላል። አሥራ ሁለት ሰዎች በየወሩ 5,000 ቢጥሉ በየዙሩ አንዱ 60,000 ይወስዳል። ገንዘቡ ለወሳጁ ምን እንደሆነ የሚወሰነው በተራው ነው። በመጀመሪያው ወር የወሰደ 55,000 ያለ ወለድ ተበድሯል፤ በስድስተኛው ወር የወሰደ ግማሹን ከራሱ ቁጠባ፣ ግማሹን በዕዳ አግኝቷል፤ በመጨረሻ የወሰደ ደግሞ ያለ ወለድ ቆጥቧል፣ ዋጋ በሚንርበት አገር ከሆነም 60,000ው በዓመቱ መጀመሪያ ይገዛው የነበረውን ዕቃ ላይገዛለት ይችላል። ዕጣ ተራን የሚወስን ከሆነ ልብስ ሰፊዋ ሱቁን የምትከራይበትን ወር አስቀድማ ማቀድ አትችልም። ቀድማ ብትወስድም በየወሩ 5,000 መጣሏን ትቀጥላለች፤ ወለድ ባይኖረውም ጫናው ከብድሩ ክፍያ ብዙም አይርቅም።

የእቁብ ትልቁ አደጋ ወስዶ የሚጠፋ አባል ነው። በሦስተኛው ወር ወስዶ የጠፋ ሰው የጣለው 15,000፣ ያገኘው 60,000 ስለሆነ፣ ቀሪዎቹ ዘጠኝ ሰዎች እያንዳንዳቸው 5,000 ጎድሎባቸው 55,000 ይወስዳሉ። ጉዳቱ በዚህ ብቻ ቢያበቃ መጠነኛ ነበር፤ ነገር ግን አንዱ ሲጠፋ ሌሎች ቀድመው የወሰዱም መጣል ያቆማሉ፣ ኋላ የቀሩት ሁሉንም ያጣሉ። ስለዚህ ዋስ የሚያስፈልገው ለወሳጅ ነው፤ ዋሱም ገና ያልወሰደ አባል ቢሆን ይመረጣል፣ ምክንያቱም ድርሻው በእቁቡ ውስጥ ስላለ ሊያዝ ይችላል። የአደጋውን ምልክት በጊዜ ማየት ይቻላል፦ ገንዘቡ ከመጣያው ቀን በኋላ በሰብሳቢው እጅ ማደር ሲጀምር፣ አንድ አባል በሁለትና በሦስት እቁብ መግባቱ ሲሰማ፣ ወይም ተራውን እንዲያስቀድሙለት አጥብቆ የሚለምን ሰው ምን ሊሠራበት እንደሆነ መናገር ሲያቅተው።

ከዙር ቁጠባ የተለየ፣ ገንዘቡ በሣጥን ተጠራቅሞ ለአባላት በወለድ የሚሰጥበት ማኅበርም አለ። ይህ አሠራር እ.ኤ.አ. በ1991 በኒጀር አገር፣ ኬር በተባለው የእርዳታ ድርጅት ተጀምሮ ወደ ብዙ አገሮች ተስፋፍቷል። ሣጥኑ ብዙ ጊዜ ሦስት ቁልፍ አለው፤ ቁልፎቹም በሦስት የተለያዩ አባላት እጅ ይቀመጣሉ። ብድሩ ለጥቂት ወራት ብቻ የሚሰጥና የተጠራቀመው ለአባላት በሚከፋፈልበት ጊዜ መመለስ ያለበት በመሆኑ ለጨርቅ ይስማማል፣ ለመኪና ግን አይበቃም።

የቤተሰብ ገንዘብ አደጋው ስም ያለመሰጠቱ ነው። ወንድሟ 20,000 ሰጥቷት «ሲሆንልሽ ትመልሻለሽ» ቢላት፣ ንግዱ ሲከስር ስጦታ ነበር ትላለች፣ ሲያተርፍ ደግሞ እሱ ድርሻዬ ነው ይላል። በአንድ ገጽ ወረቀት ላይ ስጦታ፣ ብድር ወይም ድርሻ መሆኑን፣ ብድር ከሆነ ከየትኛው ወር ጀምሮ እንደሚመለስ፣ ንግዱ ቢዘጋ ምን እንደሚሆን ጽፎ መፈራረም ይበጃል። ይህን መጠየቅ ያሳፍራል፤ ከሁለት ዓመት በኋላ በሽማግሌ ፊት ከመቆም ግን ይቀላል።

በውጭ አገር ያለ ዘመድ የሚልከው ገንዘብም ቤተሰብነቱ እንዳለ ሆኖ ሁለት ነገር ይጨምርበታል። አንደኛው ምንዛሪ ነው። ዕዳው በውጭ ገንዘብ ከተመዘገበ፣ የአገር ውስጡ ገንዘብ ዋጋ በግማሽ ሲወርድ ዕዳው ንግዱ ምንም ሳያጠፋ እጥፍ ይሆናል፤ የትኛው ገንዘብ እንደሚመለስ ከመላኩ በፊት መወሰን አለበት። ሁለተኛው ርቀት ነው። ላኪው ሥራውን ቢያጣ የተስፋው ቀሪ ክፍል ይቀራል፤ ሱቁን ማየት ስለማይችልም ጥርጣሬ በቀላሉ ይገባዋል። ገንዘቡ በቀጥታ ለመኪና ሻጩ ቢከፈልና ደረሰኙ በስሙ ተይዞ ፎቶው ቢላክለት አለመግባባቱ ይቀንሳል። በየጊዜው የተቆራረሰ ገንዘብ ከመላክ አንድ ጊዜ አጠቃልሎ መላክ የመላኪያ ክፍያውንም ያቃልላል፤ 200 ዶላር ለመላክ የሚጠየቀው ክፍያ በዓለም አማካይ ከ6 በመቶ በላይ ነውና።

የራስ ቁጠባ መመለሻ ቀን የለውም፤ አደጋው ሰውየው ለክፉ ቀን ያስቀመጠው ብቸኛ ገንዘብ መሆኑና ሁሉም በመሣሪያ ላይ ማለቁ ነው። ስለዚህ ልብስ ሰፊዋ ምንጮቹን እንደየጠባያቸው ብትከፋፍላቸው ይሻላታል። የቆጠበችው 40,000 ይሁን፤ ለዓመታት የሚያገለግለውን መኪና በዚህ ገንዘብ ትገዛና 4,000 ይቀራታል። 12,000 መጠባበቂያውን በውጭ ያለች እህቷ በስጦታ ትሰጣታለች። ቶሎ ለሚሸጠው ጨርቅ ብቻ 12,000 ትበደራለች፤ በዚያው ውል ወርሃዊ ክፍያው 1,240 ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ክፍያዎች 2,480 ከቀሪው ቁጠባ ትሸፍናለች፤ ከሦስተኛው ወር ጀምሮ ትርፏ ይበቃዋል። ተቋሙ አስቀድሞ የሚቀንሰው 1,440ም ከዚያው ይሟላል። ከ4,000 ላይ ሁለቱ ሲነሱ 80 ይቀራል፤ ይህም የመኪናውን አንድ ቀላል ጥገና እንኳ አይችልም። በወር 3,000 የምትቆጥብ ከሆነ የሱቁን መክፈቻ በሁለት ወር ብታዘገየው በእጇ የሚኖረው 6,080 ይሆናል።